ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፦ የደረጃ ሰንጠረዥ እንዴት ይሠራል?

መስከረም 27 ቀን 2004 ዓ.ም. በኔልስፕሩት ከተማ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ከሴራሊዮን ጋር ያለ ግብ አቻ ተለያየ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የባፋና ባፋና ተጫዋቾች ሜዳው ላይ ተቃቅፈው መጨፈር ጀመሩ። ግብፅ ኒጀርን ካይሮ ላይ 3 ለ 0 አሸንፋለች። በምድቡ ደቡብ አፍሪካ፣ ኒጀርና ሴራሊዮን እኩል 9 ነጥብ ይዘው ጨርሰዋል፤ ከሦስቱ የተሻለ የግብ ልዩነት ያላት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ናት። ስለዚህ ለ2012 የአፍሪካ ዋንጫ አልፈናል ብለው ነው የጨፈሩት። ያለፈችው ግን ኒጀር ነበረች።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ያጭበረበረ ሰው የለም፤ ነጥብ ሲደምር የተሳሳተም የለም። የደቡብ አፍሪካ የግብ ልዩነት በእርግጥም ከሁሉም ይበልጥ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የማጣሪያ ደንብ ግን ቡድኖች በነጥብ እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ የሚታየው እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታ ያገኙት ውጤት ነው ይላል። አሰልጣኙ ፒትሶ ሞሲማኔና ተጫዋቾቻቸው አቻው ይበቃናል ብለው የገቡት የሌላ ደንብ ስሌት ይዘው ነበር። የአገሪቱ ፌዴሬሽን ይግባኝ አቅርቦ ኋላ ላይ ራሱ አነሣው።

ይህ ምድብ የደረጃ ሰንጠረዥን ውስጠ ነገር ለማየት ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እንፈታቸዋለን። ሰንጠረዥ ከመሞላቱ በፊት ግን ጨዋታ መኖር አለበት፤ ጨዋታ ከመኖሩ በፊት ደግሞ ማን ከማን፣ መቼ የሚለው መጻፍ አለበት። ብዙ የሰፈር ውድድር የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው።

ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚገናኝበትን ውድድር እንውሰድ። ስድስት ቡድኖች አሉ እንበል፤ አራዳ፣ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ ጉለሌ፣ የካና ቦሌ። እያንዳንዱ አምስት ተጋጣሚ አለው። ስድስት ጊዜ አምስት 30 ይመጣል፤ ነገር ግን አራዳ ከቦሌ እና ቦሌ ከአራዳ አንድ ጨዋታ ስለሆነ ለሁለት ስናካፍለው 15 ጨዋታ ይቀራል። በአንድ ሳምንት ሦስት ጨዋታ ማድረግ ስለሚቻል አምስት ሳምንት ይበቃል። ሁለተኛ ዙር ካለ ሁሉም እጥፍ ይሆናል።

አምስት ሳምንት ይበቃል ማለት ግን ማንም ሰው እንደመጣለት ቢደለድል በአምስት ሳምንት ይጨርሳል ማለት አይደለም። አዘጋጁ ቡድኖቹን ሦስት ሦስት አድርጎ ከፈላቸው እንበል፤ አራዳ፣ ልደታና ቂርቆስ በአንድ ወገን፣ ጉለሌ፣ የካና ቦሌ በሌላ ወገን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የዚህኛውን ወገን ከዚያኛው ወገን ጋር እያፈራረቀ አጋጠማቸው። እስካሁን ሁሉም ነገር ያማረ ነው፤ ማንም አላረፈም፣ ማንም ሁለት ጊዜ አልተገናኘም። አሁን የቀሩት ጨዋታዎች አራዳ፣ ልደታና ቂርቆስ እርስ በርሳቸው፣ ሌሎቹ ሦስቱም እርስ በርሳቸው የሚያደርጓቸው ናቸው። ከሦስት ቡድን መካከል በአንድ ቀን ሊጫወቱ የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ በየሳምንቱ ከየወገኑ አንድ ቡድን ያርፋል። የቀሩት ስድስት ጨዋታዎች ሁለት ሳምንት ሳይሆን ሦስት ሳምንት ይፈጃሉ። ውድድሩ በስድስተኛው ሳምንት ያልቃል፤ አዘጋጁም ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይገባውም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የተሠራው ሁሉም ነገር ያማረ በሚመስልበት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው።

መፍትሔው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በቼዝ ውድድር የበርገር ሠንጠረዥ የሚባለውን የሚያውቁ ሰዎች የዚሁ ዘዴ ዘመድ መሆኑን ይረዳሉ። ቡድኖቹን በሁለት መስመር ይጻፏቸው፤

አራዳ – ልደታ – ቂርቆስ
ቦሌ – የካ – ጉለሌ

ከላይ ያለው ከሥሩ ካለው ጋር ይጫወታል። የመጀመሪያው ሳምንት አራዳ ከቦሌ፣ ልደታ ከየካ፣ ቂርቆስ ከጉለሌ ሆነ ማለት ነው። ለሁለተኛው ሳምንት አራዳ ካለበት ንቅንቅ አይልም። የቀሩት አምስቱ በሰዓት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ይዞራሉ፤ ቦሌ ወደ ላይ ወጥቶ ከአራዳ ጎን ይቆማል፣ ልደታ ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ቂርቆስ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉለሌና የካ ወደ ግራ ይሄዳሉ።

አራዳ – ቦሌ – ልደታ
የካ – ጉለሌ – ቂርቆስ

ሁለተኛው ሳምንት አራዳ ከየካ፣ ቦሌ ከጉለሌ፣ ልደታ ከቂርቆስ ይሆናል። እንዲሁ እየዞርን ስንቀጥል በሦስተኛው አራዳ ከጉለሌ፣ የካ ከቂርቆስ፣ ቦሌ ከልደታ፤ በአራተኛው አራዳ ከቂርቆስ፣ ጉለሌ ከልደታ፣ የካ ከቦሌ፤ በአምስተኛው አራዳ ከልደታ፣ ቂርቆስ ከቦሌ፣ ጉለሌ ከየካ ይገናኛሉ። አንድ ጊዜ ቢያዞሯቸው ወደ መነሻው ይመለሳሉ፤ ያም ዙሩ ለመሙላቱ ምልክት ነው። 15ቱን ጨዋታዎች ቢቆጥሩ የተደገመ አይገኝም፣ የተረሳም አይገኝም።

ቡድኖቹ ጎዶሎ ቁጥር ከሆኑ፣ ሰባት ቢሆኑ ለምሳሌ፣ «እረፍት» የሚባል ስምንተኛ ቡድን ይጨመርና በዚያው መንገድ ይዞራል። በዚያ ሳምንት ከ«እረፍት» ጋር የተደለደለው ቡድን ቤቱ ይውላል። ሰባቱም በሰባት ሳምንት ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ያርፋሉ።

የከበደው ነገር የሚመጣው የሜዳ ጉዳይ ሲነሣ ነው። ደጋፊ ሁሉ ቡድኑ አንድ ሳምንት በሜዳው፣ በሚቀጥለው ከሜዳው ውጭ እንዲጫወት ይፈልጋል። ለሁሉም እንዲህ ማድረግ ግን ከቶ አይቻልም። ሳያቋርጥ የሚፈራረቅ ቡድን ሊይዘው የሚችለው ሁለት ዓይነት ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ወይ በሜዳው ይጀምራል፣ ወይ ከሜዳው ውጭ። ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከያዙ ደግሞ መቼም ሊገናኙ አይችሉም፤ አንዱ በሜዳው ሲሆን ሌላውም በሜዳው ነውና። ስለዚህ በአንድ ዙር ውስጥ ያለ እንከን የሚፈራረቁት ቢበዛ ሁለት ቡድኖች ናቸው። የሂሳብ ሊቁ ዶሚኒክ ደ ዌራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው ቡድኖቹ ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ፍርርቁ የሚሰበርባቸው ቦታዎች ከቡድኖቹ ቁጥር ሁለት ሲቀነስ ከሚገኘው ማነስ አይችሉም። ባለ 16 ክለብ ሊግ በአንድ ዙር ቢያንስ 14 ጊዜ አንድን ክለብ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ በሜዳው ወይም ከሜዳው ውጭ ያጫውታል። «እኛን ብቻ ለምን?» የሚል የክለብ አመራር ሲሰማ ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው፤ መርሐ ግብር አውጪው ቢፈልግም አያመልጠውም።

የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የሚደረጉትም በምክንያት ነው። በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ የመጨረሻ ጨዋታዋን ከቺሊ ጋር አድርጋ 3 ለ 2 አሸነፈች። ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ግን የተገናኙት በማግስቱ ነበር። ሁለቱም ሰንጠረዡን አይተው ገቡ፤ ጀርመን 1 ለ 0 ካሸነፈች ሁለቱም ያልፋሉ። ግቧ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተቆጠረች፤ ከዚያ በኋላ ኳሷ ወዲያና ወዲህ ስትንሸራሸር ጨዋታው አለቀ። ከ1986 ጀምሮ በዓለም ዋንጫ የምድቡ የመጨረሻ ሁለት ጨዋታዎች በእኩል ሰዓት ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንሂድ። የኒጀርና የደቡብ አፍሪካ ምድብ አራት ቡድን ነበረው፤ አራተኛዋ ከዚያ በፊት ሦስቱን የአፍሪካ ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደችው ግብፅ ናት። በደርሶ መልስ 12 ጨዋታ ተደረገ። ውጤቶቹ እነዚህ ናቸው፤ መጀመሪያ የተጻፈው በሜዳው የተጫወተው ነው።

ደቡብ አፍሪካ 2 – 0 ኒጀር
ግብፅ 1 – 1 ሴራሊዮን
ሴራሊዮን 0 – 0 ደቡብ አፍሪካ
ኒጀር 1 – 0 ግብፅ
ደቡብ አፍሪካ 1 – 0 ግብፅ
ኒጀር 3 – 1 ሴራሊዮን
ሴራሊዮን 1 – 0 ኒጀር
ግብፅ 0 – 0 ደቡብ አፍሪካ
ሴራሊዮን 2 – 1 ግብፅ
ኒጀር 2 – 1 ደቡብ አፍሪካ
ደቡብ አፍሪካ 0 – 0 ሴራሊዮን
ግብፅ 3 – 0 ኒጀር

ያሸነፈ 3፣ አቻ የወጣ 1፣ የተሸነፈ 0። ኒጀር ሦስት አሸንፋ ሦስት ተሸነፈች፤ 9 ነጥብ። ደቡብ አፍሪካ ሁለት አሸንፋ፣ ሦስት አቻ ወጥታ፣ አንድ ተሸነፈች፤ 9 ነጥብ። ሴራሊዮንም እንደዚያው ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ፤ 9 ነጥብ። ግብፅ አንድ አሸንፋ፣ ሁለት አቻ ወጥታ፣ ሦስት ተሸንፋ 5 ነጥብ ይዛ ቀረች።

ግቡን ስንቆጥር ደቡብ አፍሪካ 4 አግብታ 2 ገባባት፤ ልዩነቱ ሲደመር 2። ሴራሊዮን 5 አግብታ 5 ገባባት፤ ዜሮ። ግብፅም 5 ለ 5 ሆና ዜሮ። ኒጀር 6 አግብታ 8 ገባባት፤ ሲቀነስ 2። ብዙዎቻችን የግብ ክፍያ እያልን የምንጠራው ይህንኑ ነው።

ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሦስት ነገር ቢመረምር ብዙ ጭቅጭቅ ይቀርለታል። አንደኛ፣ የገቡት ግቦች ድምር ከተቆጠሩት ግቦች ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ያገባው ሌላው ላይ የገባ ነውና። በእኛ ምሳሌ 4 ሲደመር 6 ሲደመር 5 ሲደመር 5፣ 20 ነው፤ በሌላው ዓምድ 2፣ 8፣ 5 እና 5 ሲደመሩም 20 ይመጣል። ሁለተኛ፣ የግብ ልዩነቶቹ ሲደመሩ ዜሮ መስጠት አለባቸው። ሦስተኛ፣ አሸናፊ ያለው ጨዋታ ለሰንጠረዡ 3 ነጥብ፣ አቻ የሆነው ደግሞ በጠቅላላው 2 ነጥብ ያመጣል። ከ12ቱ ጨዋታዎች 8ቱ አሸናፊ ነበራቸው፤ 24 ነጥብ። 4ቱ አቻ ነበሩ፤ 8 ነጥብ። ድምሩ 32 ነው፤ 9፣ 9፣ 9 እና 5 ሲደመሩም 32። አንድ ውጤት ለአንዱ ቡድን ተመዝግቦ ለሌላው ከተረሳ ከእነዚህ ድምሮች አንዱ መዛባቱ አይቀርም። አንድ ጨዋታ 2 ለ 1 ሳለ ለሁለቱም ወገን 3 ለ 1 ተብሎ ከተጻፈ ግን ሦስቱም ፍተሻዎች ዝም ይላሉ። እሱን የሚይዘው የዳኛው ሪፖርት ብቻ ነው።

ሜዳ ላይ ያልተቆጠረ ነገርም ሰንጠረዥ ይለውጣል። ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን አንረሳውም። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ይህችኑ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው በ13 ነጥብ ምድባቸውን የጨረሱ መስሎን ከተማው በደስታ ሰከረ። በዚያው ቀን ፊፋ ቅጣት ያለበት ተጫዋች በቦትስዋናው ጨዋታ ተሰልፏል በሚል ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ያ ጨዋታ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተፈረደ፤ የእኛ 13 ወደ 10 ወረደ፤ ደቡብ አፍሪካ 8 ነበራት፤ አንድ ጨዋታ ቀረ። ደግነቱ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን 13ቱን በሌላ መንገድ መልሰን አገኘነው፤ ደቡብ አፍሪካ በ11 ቀረች። ልብ ቢሉት የዚህ ዓይነቱ ፎርፌ ድምሮቹን አያዛባም፤ ከአንዱ የተወሰደው ነጥብ ለሌላው ይሰጣልና። ለሌላ ቡድን ሳይሰጥ እንዲሁ ነጥብ ብቻ ሲቀነስ ግን የነጥቡ ድምር ይጎድላል፤ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ማስታወሻ የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

የግብ ልዩነት ራሱ ዱሮ እንዲህ አልነበረም። እንግሊዞች በ1888 በ12 ክለቦች የጀመሩት ሊግ እስከ 1976 ድረስ በነጥብ እኩል የሆኑትን የሚለየው ያገቡትን ለገባባቸው በማካፈል ነበር። ከዚያ ማካፈሉ ቀርቶ መቀነስ መጣ፤ ለአንድ ድል ሦስት ነጥብ መስጠትም በ1981 ተከተለ። ማካፈልና መቀነስ አንድ መልስ የሚሰጡ ሊመስል ይችላል፤ አይሰጡም። ግንቦት 1989 (እ.ኤ.አ.) አርሰናል አንፊልድ ሄዶ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን ጨዋታ የማያስታውስ የእንግሊዝ ኳስ ወዳጅ ጥቂት ነው። ሁለቱ ክለቦች እኩል 76 ነጥብ ያዙ። አርሰናል 73 አግብቶ 36 ገባበት፤ ሊቨርፑል 65 አግብቶ 28 ገባበት። ሁለቱንም ቢቀንሷቸው 37። ዋንጫው ብዙ ላገባው ለአርሰናል ተሰጠ። አሁን በዱሮው ደንብ እናካፍላቸው፤ አርሰናል ለአንድ ከገባበት ግብ 2.03 ገደማ ሲያገባ ሊቨርፑል 2.32 ገደማ አግብቷል። ያው 38 ጨዋታ፣ ያው ግብ፤ ሻምፒዮኑ ግን ሊቨርፑል ይሆን ነበር። ማካፈል ግብ የማያስገባውን ቡድን ያደላል፤ መቀነስ ደግሞ አጥቅቶ የሚጫወተውን አይቀጣም።

ሁሉም አገር ግን የግብ ልዩነትን አያስቀድምም። በስፔን የሚቀድመው የእርስ በርስ ውጤት ነው። በ2006/07 ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና እኩል 76 ነጥብ ይዘው ሲጨርሱ ባርሴሎና በግብ ልዩነት 45 ለ 26 ይበልጥ ነበር፤ ዋንጫውን የወሰደው ግን ባርሴሎናን አንድ ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ አቻ የተለያየው ሪያል ነው። ሁለት ቡድን ብቻ ሲሆኑ ነገሩ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ማን ማንን አሸነፈ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሦስት ሲሆኑ ግን ሌላ ጨዋታ ይጀመራል።

እንግዲህ የኒጀርን ምድብ እንፍታው። ደንቡ የሚለው በ9 ነጥብ እኩል የሆኑትን ሦስቱን ብቻ ለይታችሁ ትንሽ ሰንጠረዥ ሥሩ ነው። ግብፅ እንዳልነበረች ትቆጠራለች፤ ከእሷ ጋር የተደረጉት ስድስት ጨዋታዎች ከነግባቸው ይሰረዛሉ። የቀሩት ስድስቱ ብቻ ይታያሉ። ኒጀር ደቡብ አፍሪካን አንድ ጊዜ፣ ሴራሊዮንንም አንድ ጊዜ በሜዳዋ አሸንፋለች፤ ሁለቱን ደግሞ ከሜዳዋ ውጭ ተሸንፋለች፤ 6 ነጥብ። ደቡብ አፍሪካ ኒጀርን አንድ ጊዜ አሸንፋ አንድ ጊዜ ተሸንፋለች፤ ከሴራሊዮን ጋር ሁለት ጊዜ ዜሮ ለዜሮ ወጥታለች፤ 5 ነጥብ። ሴራሊዮንም እንዲሁ 5። ስድስት፣ አምስት፣ አምስት። ኒጀር አንደኛ ናት፤ ወደ ግብ ልዩነት መሄድ እንኳ አላስፈለገም። ካይሮ ላይ የገቡባት ሦስት ግቦች በዚህ ትንሽ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ደቡብ አፍሪካ ከግብፅ ያገኘችው 4 ነጥብም አብሮ ወጣ፤ ኒጀር ከግብፅ ያገኘችው 3 ብቻ ስለነበር ስረዛው የጎዳው ደቡብ አፍሪካን ነው።

አሁን እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር ይመጣል። ሴራሊዮን በሜዳዋ ግብፅን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት ጨዋታ አቻ ሆኖ ቢሆን ኖሮስ? ሴራሊዮን 7 ነጥብ ይዛ ትቀር ነበር፤ በ9 ነጥብ እኩል የሚሆኑት ደቡብ አፍሪካና ኒጀር ብቻ ናቸው። ሁለቱ አንዳቸው ሌላቸውን አንድ አንድ ጊዜ አሸንፈዋል፤ ነጥባቸው ሦስት ሦስት። ግብ ሲደመር ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 0 አሸንፋ 2 ለ 1 ስለተሸነፈች በድምሩ 3 ለ 2 ትበልጣለች። ደቡብ አፍሪካ ታልፍ ነበር! ኒጀርም ደቡብ አፍሪካም ባልነበሩበት ጨዋታ የተቆጠረች አንዲት ግብ የሁለቱን ቅደም ተከተል ገለበጠችው። የእርስ በርስ ደንብ በሁለት ቡድን መካከል ያለውን ፍትሕ የሚመለከት ቢመስልም ሦስተኛ ሲጨመርበት መልሱን የሚወስነው ያ ሦስተኛው ነው። የግብ ልዩነት እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ የሦስተኛ ቡድን ነጥብ ወጣም ወረደም በእኔና በአንተ መካከል ያለው ልዩነት አይለወጥም። እኔ የሊግ ደንብ ጻፍ ብባል የግብ ልዩነትን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተመልካቹ በትራንዚስተር ውጤት እየሰማ ሊከታተለው ስለሚችልም ጭምር። ተቃዋሚዎቼ ደካማ ቡድን ላይ ስምንት ግብ ያራገፈ ይጠቀማል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን ያው ደካማ ቡድን ከሁሉም ጋር ተጫውቷል።

የእርስ በርስ ደንብ የሚጽፍ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር መርሳት የለበትም። ትንሿ ሰንጠረዥ ኒጀርን ለየችልን፤ ደቡብ አፍሪካና ሴራሊዮን ግን 5 ለ 5 እኩል ናቸው። እነሱን ለመለየት በዚያችው የሦስቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ወደ ግብ ልዩነት እንሄዳለን ወይስ ሁለቱን ብቻ ይዘን እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን? በመጀመሪያው መንገድ ደቡብ አፍሪካ 3 አግብታ 2 ስለገባባት ሁለተኛ ትሆናለች። በሁለተኛው መንገድ ሁለቴ ዜሮ ለዜሮ ነውና ምንም አይለይም፤ ወደ ጠቅላላው የግብ ልዩነት መሄድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ አደረሰ፤ ሁልጊዜ ግን አያደርስም። ደንቡ የትኛውን እንደሚከተል ካልተጻፈ ሁለት ሐቀኛ ሰዎች ከአንድ ውጤት ሁለት ሰንጠረዥ ያወጣሉ።

ሁሉም ሲያልቅስ? በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ጃፓንና ሴኔጋል 4 ነጥብ፣ 4 ያገቡት፣ 4 የገባባቸው፣ እርስ በርስ 2 ለ 2 ሆነው ጨረሱ። የተቆጠረው ቢጫ ካርድ ነበር፤ ጃፓን 4፣ ሴኔጋል 6። ሴኔጋል በሁለት ቢጫ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ካርድም ባይለይ ኖሮ የመጨረሻው ደረጃ ዕጣ ነበር። ይህ ለይስሙላ የተጻፈ የሚመስለው ሰው የ2015ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያስታውስ። ጊኒና ማሊ በምድባቸው ሦስት ሦስት ጨዋታ አድርገው ስድስቱንም ውጤት 1 ለ 1 አስመዘገቡ፤ እርስ በርሳቸው የተጫወቱትም ጭምር። ነጥብ ሦስት ሦስት፣ ግብ ሦስት ለሦስት፤ የሚደመርም የሚቀነስም ነገር አልቀረም። በማግስቱ የሁለቱ አገር ተወካዮች በማላቦ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ኳስ ከዕቃ ውስጥ አወጡ። ጊኒ አለፈች፤ ማሊ ሳትሸነፍ ሻንጣዋን ሸከፈች። ከሦስት ቀን በኋላ በሩብ ፍጻሜው ጋና ጊኒን 3 ለ 0 አሸነፈቻት።